ፌስታል ወይስ የወረቀት ከረጢት? የወሰንና የቆጠራ ምርጫ በሕይወት ዑደት ግምገማ ውስጥ

የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የሕይወት ዑደት ግምገማ ግቡ የመገበያያ ከረጢቶችን አካባቢያዊ ተጽዕኖ ማነጻጸር ነበር። ጥናቱ አንድን ፌስታል ከአንድ የወረቀት ከረጢት ጋር አላነጻጸረም፤ የሚይዙት ዕቃ እኩል አይደለምና። መለኪያው ያደረገው ተግባሩን፣ ማለትም የአንድ ወር ሸመታ የሆኑ 483 ዕቃዎችን ከሱፐርማርኬት ወደ ቤት ማድረስን ነው። ለዚህ ተግባር 82 ያህል ፌስታሎች ወይም 65 ያህል የወረቀት ከረጢቶች ያስፈልጋሉ። በቁጥር ማነሱ ግን ወረቀቱን ብዙም አይጠቅመውም፤ ፌስታሉ ወደ 8 ግራም ሲመዝን የወረቀት ከረጢቱ ወደ 55 ግራም ይመዝናል።

ይበልጥ አከራካሪው ምርጫ ከሸመታው በኋላ ያለውን ይመለከታል። ፌስታል ቤት ደርሶ ቆሻሻ ሲጠራቀምበት፣ ለዚሁ ሊገዛ የነበረ ሌላ ከረጢት ይቀራል፤ የቀረው ከረጢት ልቀትም ከፌስታሉ ቆጠራ ላይ ይቀነሳል። ይህ ቅናሽ ካልተደረገ፣ የወረቀት ከረጢት በአየር ንብረት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከፌስታል እንዳይበልጥ 3 ጊዜ ማገልገል አለበት። ከፌስታሎቹ 40.3 በመቶው ለቆሻሻ ይውላሉ ከተባለ 4 ጊዜ፣ ሁሉም ይውላሉ ከተባለ ደግሞ 7 ጊዜ ይሆናል። ከረጢቶቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የቆጠራው ግምት ብቻ ነው። በቀላሉ ለሚቀደድ ወረቀት 3 ጊዜውም ቢሆን አጠራጣሪ ነው።

በየሜዳው የሚጣል ፌስታል የሚያደርሰው ጉዳት ግን በጥናቱ ወሰን ውስጥ አልገባም። ስለዚህ የፌስታል እገዳን ከዚህ ጉዳት አንጻር የሚመረምር ተመራማሪ እነዚህን ቁጥሮች ለማስረጃነት ቢጠቅስ፣ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ መዋሱ ነው።