ማታ ማታ ለሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት ቅሬታ አጻጻፍ

«ኢንተርኔቱ በጣም ይንቀራፈፋል፤ እባካችሁ አስተካክሉልን።» ለኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት የሚጻፍ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። መልሱም የታወቀ ነው፦ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት። ደንበኛው ያጠፋል፣ ያበራል፣ ማታ ያው ነው። ደጋግሞ ሲደውል ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቴክኒሻን ይመጣና መስመሩን ይለካል፤ ፍጥነቱ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። «ችግር የለበትም» ብሎ ቅሬታውን ይዘጋል። ቴክኒሻኑም አልዋሸ፣ ደንበኛውም አልዋሸ፤ ያዩት የተለያየ ሰዓት ነው።

ቀን ደህና ውሎ ማታ ብቻ የሚደክም መስመር ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን የተጨናነቀ ነው። ቤታችን የሚገባው ፋይበር ከመነሻው ለእኛ ብቻ የተዘረጋ አይደለም። በተለመደው አዘረጋግ ከጣቢያው የሚነሳው አንድ ፋይበር መንገድ ላይ ባለ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ጂፖን በሚባለው ዓይነት እነዚህ ቤቶች በጋራ የሚደርሳቸው በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጣቢያውን ከዋናው መረብ ጋር የሚያገናኝ መስመር አለ፤ እሱን የሚጋሩት ሰፈሮች ብዙ ናቸው። አቅራቢው ሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሙሉ ፍጥነቱን አይጠቀምም ብሎ አስልቶ ይሸጣል። ስሌቱ ቀን ይሠራል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ሰዉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ይከፍታል። ይህን የሚፈታው ሞደም የሚቀይረው ቴክኒሻን ሳይሆን የመረቡን አቅም የሚከታተለው ክፍል ነው። ቅሬታችን እዚያ እንዲደርስ ከፈለግን ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰዓቱን መናገር አለበት።

ከዚያ በፊት ግን ጥፋቱ የቤታችን አለመሆኑን ማጣራት ይገባል፤ ምክንያቱም ዋይፋይም ማታ ይጨናነቃል። በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ በተመሳሳይ ሞገድ ይሻማሉ። ስለዚህ በዋይፋይ የተለካ ፍጥነት በአቅራቢው ላይ ማስረጃ አይሆንም። ኮምፒውተሩን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት፣ የሌላውን ሰው ስልክና ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ከመስመሩ ማውጣት ያስፈልጋል። ፎቶ ወደ ደመና የሚያስቀምጥ አንድ ስልክ እንኳ ወደ ላይ የሚሄደውን መስመር ሞልቶ ሁሉን ነገር ሊያዘገይ ይችላል።

ለምሳሌ የ10 ሜጋ ቢት ደንበኛ የሆነ ቤት እንውሰድ። በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ኬብል፣ የፍጥነት መለኪያው ላይ ሁልጊዜ ያንኑ ሰርቨር እየመረጠ፣ ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታና እኩለ ሌሊት ገደማ ይለካል። ሰርቨሩ ካልተለዋወጠ ነው ቁጥሮቹ የሚነጻጸሩት። ከፍጥነቱ ጎን ለጎን እነዚህን ሦስት ትእዛዞች በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳል፦

```
ping -n 100 192.168.1.1
ping -n 100 8.8.8.8
tracert -d 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው የራሱን ራውተር መቶ ጊዜ ይጠይቃል። አድራሻው በብዙ ቤት ይኸው ነው፤ ካልሆነ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው የጎግልን አድራሻ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጥያቄው የሚያልፍባቸውን መሣሪያዎች በተራ ይዘረዝራል፤ አንደኛው መስመር የቤቱ ራውተር፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአቅራቢው የመጀመሪያ መሣሪያ ነው። ማታ ራውተሩ በ1 ሚሊሰከንድ እየመለሰ፣ ጠዋት በ6 ሚሊሰከንድ ይመልስ የነበረው ሁለተኛው መሣሪያ ወደ 140 ከወጣና ከእሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ እንደዚያው ከዘገዩ፣ መጨናነቁ ከቤቱ ደጃፍ እስከዚያ መሣሪያ ባለው መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መሐል ላይ አንዱ መሣሪያ ብቻ ዘግይቶ ቀጣዮቹ ፈጣን ከሆኑ ችግር አይደለም። መሣሪያው ሥራው መረጃ ማሳለፍ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ ላይመልስ ይችላል። ያንን ቁጥር አክብበው ቢልኩት ባለሙያው ገና ሲያየው የቀረውንም ማስረጃ ይንቀዋል። በሌላ በኩል በአገር ውስጥ ሰርቨር ሲለካ ማታም ሙሉ ሆኖ፣ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ሲለካ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ የጠበበው ከአገር የሚያስወጣው መስመር ነው። እንደ ኢትዮጵያ የባሕር በር በሌለው አገር ይህ መስመር በጎረቤት አገሮች በኩል ስለሚያልፍ ልዩነቱን መለየት ይጠቅማል።

የሰዓት አጻጻፍ ነገርም አለ። ደንበኛው «ከምሽቱ 2፡15» ይላል፤ ያያያዘው ስክሪንሾት ግን 20:15 ይላል፤ የአቅራቢው መዝገብም በዚያው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሳያስተውል «2፡15» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሠራተኛው ከሌሊቱ 8፡15 ያለውን መዝገብ ከፍቶ ምንም መጨናነቅ አላየሁም ሊለው ይችላል። ሁለቱንም መጻፍ ነው። ቀኑም የእኛው አቆጣጠር ብቻ ከሆነ የፈረንጁን አጠገቡ ማስፈር ያስፈልጋል።

እንግዲህ መልእክቱ ይህን ይመስላል፦

«ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል። የአገልግሎት ቁጥሬ ከላይ ተጽፏል፤ የ10 ሜጋ ቢት የፋይበር ደንበኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ከምሽቱ 1፡30 እስከ 5፡00 (19:30–23:00) ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋ ቢት ይወርዳል። ጠዋት፣ ከሰዓትና እኩለ ሌሊት ገደማ ከ9 በላይ ነው። የለካሁት በኬብል፣ ሌላ መሣሪያ ሳይኖር ነው። በእነዚያ ሰዓታት የራሴ ራውተር በ1 ሚሊሰከንድ ይመልሳል፤ ወደ ውጭ ከተላኩት መቶ ጥያቄዎች ግን ወደ 6 የሚሆኑት መልስ አያገኙም፤ ከእናንተ የመጀመሪያ መሣሪያ ጀምሮ መዘግየቱ ከ6 ወደ 140 ሚሊሰከንድ ይወጣል። ሞደሙን አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ለውጥ የለም። የሰዓት ሰንጠረዥና ስክሪንሾቶች አያይዣለሁ። መስመሬ የተያያዘበት የጣቢያ ወደብና ከጣቢያው የሚወጣው መስመር በተጠቀሱት ሰዓታት ምን ያህል እንደሚጨናነቅ ታይቶ እንዲነገረኝ፣ ቴክኒሻን የሚላክ ከሆነም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዲሆን እጠይቃለሁ።»

አጭር ነው፤ ስድብም ልመናም የለበትም። ያቺ «ሞደሙን አጥፍቼ አብርቻለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ተራ ብትመስልም አንድ ዙር ምልልስ ታስቀራለች። ሰንጠረዡ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አርባ ስክሪንሾት የሚከፍት ሠራተኛ የለም፤ የአንድ ጠዋትና የዚያው ቀን ማታ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይበቃሉ።

የሚጠበቀው መልስ ግን ገደብ አለው። ውሉ «እስከ 10 ሜጋ ቢት» የሚል ከሆነ አቅራቢው «እስከ» የምትለዋን ቃል ይይዛል። መጨናነቁን ቢያምንም እንኳ የጣቢያውን መስመር ማስፋት የአንድ ምሽት ሥራ አይደለም። የቅሬታ ቁጥሩን ይዞ፣ መቼ እንደሚሰፋ በጽሑፍ ጠይቆ፣ እነዚያኑ ሰዓታት ከወር በኋላ በዚያው ኬብልና በዚያው ሰርቨር መልሶ መለካት ይቻላል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ሁለተኛው ደብዳቤ ለአገልግሎት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በግልባጭ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ሰንጠረዥም አብሮ ይያያዛል።