የመሶቡ ካርቶንና የ16,000 ብሩ ጭማሪ

አዲስ አበባ ውስጥ የባህል ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች እንበል። ሜሪላንድ የምትኖር ደንበኛዋ መሶብ አዘዘቻት። መሶቡ ከነክዳኑ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፤ ክብደቱ 6 ኪሎ ነው። ባለሱቋ ዕቃዋን ሁልጊዜ ወደምትልክበት የጭነት ወኪል ቢሮ ወሰደችው። ሠራተኛው በሜትር ለካ፣ አሰላ፣ የማጓጓዣው ዋጋ 20,500 ብር እንደሆነ ነገራት። እሷም በዚሁ ሒሳብ ከሜሪላንዷ ደንበኛ ጋር ተስማማች፤ መሶቡም ሄደ።

ወሩ ሲያልቅ ኢንቮይሱ በኢሜይል መጣ። ከመሶቡ መስመር ሥር ሌላ መስመር ተጨምሮበታል፦ «የክብደት ማስተካከያ፣ 16,000 ብር»። ኢሜይሉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በአጓጓዡ ሲስተም በተደረገ ማስተካከያ መሠረት ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቋል። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ባለሱቋ ይህን አንብባ ምን ትረዳለች? መሶቡ እዚያው ቢሮ፣ እሷ ፊት፣ 6 ኪሎ መዝኗል። መንገድ ላይ ሊከብድ አይችልም። ስለዚህ ወይ ተሳስተዋል፣ ወይ ሊያታልሏት ነው። የሚገርመው፣ የአጓጓዡ ሒሳብ ትክክል ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ኢሜይሉ ግን ያንን አልነገራትም።

ነገሩ ከአውሮፕላን ሆድ ይጀምራል። አውሮፕላን የሚሞላው በክብደት ብቻ አይደለም፤ በቦታም ይሞላል። ጥጥ ቢጭን ገና ብዙ ኪሎ መሸከም እየቻለ ቦታው ያልቃል፤ ብረት ቢጭን ደግሞ ግማሹ ባዶ ሆኖ ክብደቱ ጣሪያ ይነካል። በሚዛን ብቻ ቢያስከፍል ጥጥ ጫኙ ቦታውን በነጻ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ አጓጓዦች ሁለት ክብደት ያወዳድራሉ። አንዱ ሚዛን ያሳየው ነው። ሌላው ካርቶኑ ከያዘው ቦታ የሚሰላ ነው፤ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች «ቮልዩም» ይሉታል። ከሁለቱ የበለጠው ይከፈልበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ማባዛት፣ ውጤቱን ለ5,000 ማካፈል። ዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች በብዛት የሚጠቀሙበት አካፋይ ይህ ነው። በመደበኛ የአየር ጭነት የተለመደው 6,000 ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ የያዘ ዕቃ በፊተኛው 200 ኪሎ፣ በኋለኛው 167 ኪሎ ገደማ ሆኖ ይታሰባል። ፈጣን መልእክት ላይ በብዛት ከግማሽ ኪሎ ያነሰች ትርፍ ወደ ቀጣዩ ግማሽ ኪሎ ከፍ ትላለች። ክብ ዕቃም ቢሆን የሚለካው ዙሪያውን ሳጥን እንደታጠረለት ተቆጥሮ ነው፤ የመሶብ ቅርጽ ቅናሽ አያስገኝም።

አሜሪካ ውስጥም ይህ ስሌት ብዙ ሰው ያስደነገጠበት ጊዜ ነበር። ፌዴክስና ዩፒኤስ ቀድሞ በመኪና በሚያመላልሱት ዕቃ ላይ በቮልዩም የሚያስከፍሉት ከሦስት ኪዩቢክ ፉት ጀምሮ ያለውን ትልቅ ሳጥን ብቻ ነበር። 2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲጠባ ግን ትንሹንም ትልቁንም ሳጥን በዚሁ ስሌት አስገቡት። ትራስ፣ መብራት፣ አሻንጉሊት የሚሸጡ ነጋዴዎች በዕቃው ላይ ምንም ሳይጨምሩ የማጓጓዣ ሒሳባቸው አደገ።

ወደ መሶቡ እንመለስ። ሠራተኛው የለካው መሶቡን ራሱን ነበር። 45 በ45 በ50 ሲባዛ 101,250 ይሆናል፤ ለ5,000 ሲካፈል 20.25፤ ከፍ ሲል 20.5 ኪሎ። በኪሎ 1,000 ብር ብንይዝ 20,500 ብር። እስካሁን ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የማሸጊያ ክፍሉ መሶቡን እንዳይጎዳ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አልብሶ ካርቶን ውስጥ ከተተው። ካርቶኑ 55 በ55 በ60 ሆነ። ሲባዛ 181,500፣ ሲካፈል 36.3፣ ከፍ ሲል 36.5 ኪሎ። በየጎኑ የገባች የአምስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ የሚከፈልበትን ክብደት በ16 ኪሎ አሳደገችው። ጭማሪው በሦስቱም አቅጣጫ ተባዝቶ ስለሚመጣ ዓይን አይገምተውም።

አጓጓዡ ይህን ያወቀው በጭነት መለያ ማዕከሉ ነው። ካርቶኖች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሲያልፉ ሚዛን ይመዝናቸዋል፣ የሌዘር ወይም የካሜራ መሣሪያም ይለካቸዋል። ልኬቱ ወኪሉ ከጻፈው ሲበልጥ ልዩነቱ በሒሳብ ላይ ይታሰባል። ጭማሪው ዕቃው ከሄደ በኋላ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የነዳጅ ጭማሪ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ አብሮ ያድጋል፤ 20 በመቶ ቢሆን 16,000ው 19,200 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ደንበኛዋ ስታካፍል የማይገጥም ቁጥር ታገኛለች። እዚህ ለቀላልነት የነዳጁን እንተወው።

ታዲያ ቢሮው ምን ብሎ ቢጽፍላት ይሻል ነበር? ኢንቮይሱ ከመድረሱ በፊት፣ ልዩነቱ በታወቀበት ቀን፣ እንዲህ ያለ ኢሜይል፦

«ጉዳዩ፦ ወደ ሜሪላንድ በተላከው መሶብ ላይ ስለመጣ የ16,000 ብር ጭማሪ

የተከበሩ ደንበኛችን፣

ለመሶቡ ማጓጓዣ 20,500 ብር ብለንዎት ነበር። አጓጓዡ ያስከፈለን 36,500 ብር ነው። ልዩነቱ 16,000 ብር ነው።

ስህተቱ የእኛ ነው። መሶቡን የለካነው ከመታሸጉ በፊት ነው፤ 45 በ45 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ በስሌት 20.5 ኪሎ። ስፖንጅ ለብሶ ካርቶን ውስጥ ሲገባ 55 በ55 በ60 ሆነ፤ ይህ 36.5 ኪሎ ነው። ከታሸገ በኋላ እንደገና ለክተን ልንነግርዎት ሲገባ አልነገርንዎትም። የሚዛን ክብደቱ አልተለወጠም ማለት ይቻላል፤ የተከፈለው ካርቶኑ ለያዘው ቦታ ነው። ስሌቱን ራስዎ ማየት እንዲችሉ ሦስቱን ቁጥሮች አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉ።

ከጭማሪው 8,000 ብሩን እኛ እንከፍላለን፤ በዚህ ወር ኢንቮይስዎ ላይ የሚያዩት 8,000 ብር ብቻ ይሆናል። የአጓጓዡ ልኬትና ካርቶኑ ሲታሸግ የተነሣው ፎቶ ተያይዟል። ልኬቱን ከተጠራጠሩ ካርቶኑ ሳይጣል በተቀባይዋ አስለክተው ይላኩልን፤ ለአጓጓዡ አቤቱታ እናቀርባለን። እስኪጣራ ድረስ ጭማሪውን አይከፍሉም።»

ይህ ኢሜይል ብሩን የተናገረው በመጀመሪያው አንቀጽ ነው። ጭማሪ እንዳለ የጠረጠረ ሰው ቁጥሩን እስኪያገኝ ሌላውን አያነብም። ቀጥሎ የጠፋችውን ማብራሪያ ሰጠ፦ መሶቡ አልከበደም፣ ካርቶኑ ገዘፈ። ባለሱቋ ሚዛኑን በዓይኗ ስላየች ይህች ዓረፍተ ነገር ከሌለች የቀረው ሁሉ አያሳምናትም።

«ሲስተሙ አስተካከለ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ሲስተሙ የለካው የነበረውን ካርቶን ነው። ያልለካው ቢሮው ነው።

8,000 ብሩ ለምን ግማሽ ሆነ? ካርቶኑ ያንን ቦታ በእርግጥ ይዟል፤ ያለስፖንጅ ቢሄድ ደግሞ መሶቡ ሊጎዳ ይችል ነበር። በዚህ በኩል ወጪው የዕቃው ነው። ባለሱቋ ያጣችው ግን የመምረጥ ዕድሏን ነው። 36,500 ብር እንደሆነ ቀድማ ብታውቅ ቀጠን ያለ ማሸጊያ ትጠይቅ ነበር። በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ካርቶኑ 49 በ49 በ54፣ ክብደቱም 26 ኪሎ ይሆን ነበር። ወይም ጊዜ ካላት በመደበኛ የአየር ጭነት ልካ በ6,000 ታሰላ ነበር። ወይም ደንበኛዋን የማጓጓዣው ዋጋ እንደተለወጠ ታማክር ነበር። ሌላም አለ። መሶብ ውስጡ ባዶ ነው። ለ36.5 ኪሎ እየተከፈለ ሚዛን ላይ የሚወጣው ከነማሸጊያው 8 ኪሎ ቢሆን፣ መላክ የሚፈቀድ ዕቃ ሆኖ በሰነዱ ላይ እስከተገለጸ ድረስ፣ በመሶቡ ሆድ ጥቂት ኪሎ ሽሮና በርበሬ ያለተጨማሪ የማጓጓዣ ሒሳብ ይሄድ ነበር። ቢሮው ይህን ሁሉ ዘግቶባት ሙሉውን ጭማሪ ቢያሸክማት ፍትሐዊ አይሆንም። ሙሉውን ራሱ ለመክፈል የሚወስን ቢሮም አለ፤ የትኛውንም ቢመርጥ ውሳኔው በኢሜይሉ ውስጥ ተቆርጦ መቀመጥ አለበት።

የአጓጓዡ ልኬት ራሱ ስህተት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለስላሳ ዕቃ ከመጠን በላይ የታጨቀበት ካርቶን ጎኑ ያብጣል፤ መሣሪያው የሚይዘው ያበጠውን ጫፍ ነው። የመሶቡ ካርቶን ሁለቱ ጎኖቹ በ3 በ3 ሴንቲ ሜትር ቢያብጡ 58 በ58 በ60 ሆኖ 40.5 ኪሎ ይወጣል፤ አራት ኪሎ ከምንም። የተንጠለጠለ ማሰሪያም ወይም ተጠግቶ ያለፈ ሌላ ካርቶን ልኬቱን ሊያበላሽ ይችላል። ምልክቱ በቁጥሮቹ ላይ ይታያል። ከሦስቱ ልኬቶች አንዱ ብቻ በጣም ዘልሎ ሁለቱ ልክ ከሆኑ ማሰሪያ ወይም ጎረቤት ካርቶን ይጠረጠራል፤ ሁለት ጎኖች በጥቂቱ ካደጉ ማበጥ ነው። ሦስቱም ጨርሶ የማይመስሉ ከሆኑ የሌላ ሰው ካርቶን ልኬት ሊሆን ይችላል። በመሶቡ ጉዳይ ሦስቱም እኩል በ10 ሴንቲ ሜትር አደጉ፤ ያ የስፖንጅ አሻራ ነው።

አቤቱታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ በየአጓጓዡ ውል ይለያያል። ወሩ እስኪያልቅ የሚቆይ ኢሜይል ይህን ጊዜ ይበላዋል፤ ካርቶኑም እስከዚያው ተቀዳዶ ይጣላል። ለዚህ ነው ሜትሩ ካርቶኑ ላይ ተዘርግቶ ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ የተነሣ ፎቶ ትልቅ ዋጋ ያለው። ሦስት ፎቶ ይበቃል፤ ለርዝመቱ፣ ለወርዱ፣ ለቁመቱ፣ የላኪው ወረቀት አብሮ እየታየ።

ባለሱቋ ሁለተኛው ዓይነት ኢሜይል ቢደርሳት መጀመሪያ የምታደርገው ስልኳን አውጥታ 55 በ55 በ60 ማባዛት ነው። 181,500 ይወጣላታል፤ ለ5,000 ስታካፍለው 36.3። ከዚያ ለቢሮው የምትጽፈው መልስ ምናልባት ስለ መሶቡ ላይሆን ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ለምትልካቸው ሁለት መሶቦች ካርቶኑ ስንት በስንት እንደሚሆን፣ ዋጋውም ከታሸገ በኋላ እንዲነገራት የሚጠይቅ ይሆናል።