ድንጋይም ውኃ ይፈራል

ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ግንበኛ «ጥሩ ነው» ብሎ ይጠርበዋል። ለመንገድ ሥራ ግን ይህ አይበቃም። ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፈው የተፈጨ ድንጋይ ቤዝ ኮርስ ይባላል። ከካባው ተጭኖ ከመምጣቱ በፊት ተቋራጩ ለአማካሪ መሐንዲሱ የማቴሪያል ማጽደቂያ ጥያቄ ያቀርባል። የጥያቄው ልብ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንዱ ዓምድ የላቦራቶሪው ውጤት፣ ከጎኑ ውሉ የሚጠይቀው ልክ ይቀመጣል።

ከፈተናዎቹ አንዱ ድንጋዩ ምን ያህል ጫና እንደሚችል ይለካል። ከ10 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ተመርጦ በብረት ሲሊንደር ውስጥ ይሞላና በማሽን ይጨመቃል። ከጠጠሩ 10 በመቶው ደቅቆ በ2.36 ሚሊ ሜትር ወንፊት እንዲያልፍ ያስፈለገው ኃይል ውጤቱ ነው። ከዚያም ከዚያው ድንጋይ ሌላ ናሙና 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ይፈተናል።

ለማሳያ ያህል ውሉ ሁለት ነገር ጠይቋል እንበል፦ ደረቁ ድንጋይ ቢያንስ 110 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 11 ቶን ገደማ እንዲችል፤ የራሰው ደግሞ የደረቁን ጥንካሬ ቢያንስ 75 በመቶ እንዲይዝ። ከአንድ የባዛልት ካባ የመጣው ናሙና ደረቁን 210፣ ርሶ 142 ሰጠ። ሁለቱም ከ110 በላይ ስለሆኑ ችኩል ዓይን «አልፏል» ይላል። መሐንዲሱ ግን 142ን ለ210 አካፍሎ 68 በመቶ ያገኛል። ጥያቄው ይመለሳል።

ምክንያቱ በድንጋዩ ውስጥ ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ከማዕድናቱ ከፊሉ ወደ ሸክላ ይለወጣል። ይህ ሸክላ ሲደርቅ ጠጠሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ውኃ ሲያገኝ ግን አብጦ ይላላል። አስፋልቱ ተሰንጥቆ ክረምት ሲገባ ጠጠሩ በመኪና ጎማ ሥር እየደቀቀ ወደ ጭቃ ይሄዳል፣ ላዩም ይጎደጉዳል።

ታዲያ ተቋራጩ ምን ያድርግ? የበሰበሰ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከካባው ላይኛው ክፍልና ከስንጥቆቹ ዳር ይገኛል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ያደላል። ያንን ገፎ ወደ ትኩሱ አለት ይወርዳል፤ አዲሱን ናሙናም የአማካሪው ተወካይ ባለበት ያነሣል። አሁን ደረቁ 240፣ የራሰው 204 ቢሰጥ ምጣኔው 85 በመቶ ነውና ይህ መስመር ያልፋል። ሌሎቹም ካለፉ ማጽደቂያው ይፈረማል።

ፊርማው ግን የሚሠራው ናሙናው ለወጣበት አለት ብቻ ነው። ቁፋሮው ወደ ሌላ የካባው ክፍል ሲዞርና የድንጋዩ መልክ ሲለወጥ ፈተናው እንደገና ይጀመራል።