ኔትወርክ ሲደክም የዐረብኛ ማስታወቂያ እንዴት እንተርጉም?

በየቴሌግራም ግሩፑ የነጻ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ በዐረብኛ ተጽፎ፣ ብዙ ጊዜም በፎቶ መልክ፣ ይደርሰናል። አብዛኞቻችን ቁርኣን ስለቀራን ፊደሉን እናነባለን፤ ትርጉሙን ግን ሁላችንም አናውቀውም። ዶርም ውስጥ ኔትወርኩ አንዴ መጥቶ አንዴ ሲጠፋ ደግሞ ያለን ምርጫ ሦስት ነው፦ ካሜራውን ወረቀቱ ላይ መደገን፣ አስቀድመን ባወረድነው ቋንቋ ያለ ኢንተርኔት መተርጎም፣ ወይም ጽሑፉን በእጃችን መጻፍ። የትኛው መቼ እንደሚሻል ለማወቅ በመጀመሪያ ስልኩ የሚሠራው አንድ ሥራ ሳይሆን ሁለት እንደሆነ እንመልከት።

የመጀመሪያው ሥራ ማንበብ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለውን ቅርጽ ወደ ፊደል ይለውጣል። ሁለተኛው መተርጎም ነው፤ የተገኘውን ፊደል ወደ ሌላ ቋንቋ ይመልሳል። ካሜራ የሚሳሳተው በአብዛኛው በመጀመሪያው ላይ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ትርጉም ደግሞ የሚደክመው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ስልክ ላይ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ፋይል ነው። በእጅ ስንጽፍ የማንበቡን ሥራ ከስልኩ ወስደን ራሳችን እንሠራዋለን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሴት ተማሪዎች ማመልከቻቸውን ከረጀብ 15 በፊት ያቅርቡ፤ ያልተሟሉ ማመልከቻዎች ተቀባይነት የላቸውም።» በዐረብኛው ውስጥ «ሴት ተማሪዎች» የሚለው «ጣሊባት» ነው፤ «ማመልከቻዎች» የሚለው ደግሞ «ጠለባት» ነው። ሁለቱ ሲጻፉ የሚለያዩት በአንዲት አሊፍ ብቻ ነው። ፎቶው ከደበዘዘና ካሜራው ያቺን ቀጭን አሊፍ ከሳታት ሴት ተማሪዎች ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋሉ፤ ወንዶችም ዕድሉ ለእነሱም የተከፈተ ይመስላቸዋል።

«በፊት» የሚለው ቃል «ቀብለ» ነው። በመካከሉ ያለችው ባ ከሥሯ አንድ ነጥብ አላት። ነጥቧ ሁለት ሆና ከተነበበች ቃሉ «ቂለ» ይሆናል፤ ትርጉሙም «ተባለ» ነው። ቁጥሩም የራሱ ወጥመድ አለው። በዐረብኛው አኃዝ አምስት የሚጻፈው እንደ ክብ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። ስለዚህ 15 የነበረው ክቡን እንደ ዜሮ በማየት 10 ሊሆን ይችላል። እውነተኛው 10 ደግሞ ነጥቡ እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ 1 ሊሆን ይችላል። በሙስሐፍ የአያት ቁጥሮችን የለመደ ዓይን ይህን ወዲያው ይለያል፤ ካሜራው ግን በጥርጣሬ ጊዜ እንኳ «አላወቅኩትም» አይልም፣ ገምቶ ይጽፋል።

ካሜራው መሳሳቱን እንዴት እናውቃለን? ስልኩን ትንሽ ስናነቃንቅ ትርጉሙ ከተለዋወጠ የማንበቡ ሥራ አልተረጋጋም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለው ግን በቀጥታ የሚንሳፈፈውን ትርጉም ትተን ፎቶ ማንሳትና የተነበበውን የዐረብኛ ጽሑፍ ማየት ነው። ትርጉሙን ሳይሆን ዐረብኛውን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል እናስተያይ። ነጥቦችን፣ አሊፎችንና ቁጥሮችን ብቻ ብንፈትሽ እንኳ አብዛኛው ስሕተት ይያዛል። ለዚህ ሥራ ትርጉሙን ማወቅ አያስፈልግም፣ መቅራት ይበቃል።

አሁን ወደ ኔትወርኩ እንመለስ። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው፤ መተግበሪያው አሳንሶ ቢልከው እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። በእጅ የተጻፈ ዐረብኛ ግን አንድ ፊደሉ 2 ባይት ብቻ ነው። ከላይ ያየነው ዓረፍተ ነገር በሙሉ ከ200 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ ፎቶው «በመጫን ላይ» እያለ በሚቆምበት ደካማ መስመር ጽሑፉ አልፎ ሊመለስ ይችላል። ኔትወርኩ ደካማ እንጂ ጨርሶ ያልጠፋ ከሆነ፣ አጭር ጽሑፍ በእጅ ጽፎ መላክ የተሻለውን ትርጉም በትንሹ ዳታ ያስገኛል።

ጨርሶ ከጠፋ የሚያገለግለው አስቀድሞ የወረደ ቋንቋ ነው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ጉግል ትራንስሌትን ከፍተን ከዐረብኛ አጠገብ ያለውን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት እንነካለን። ኩባንያው ይህን ከመስመር ውጭ የሚሠራ አዲስ ዘዴ በ2018 ሲያወጣ አንዱ ቋንቋ ከ35 እስከ 45 ሜጋባይት ገደማ ነበር። በዚያው አጋጣሚ የዐረብኛውን የስልክ ኪቦርድም እንጨምር። ከዚያ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገን እንሞክረው፤ አንድ ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በካሜራ። ጽሑፉን ተርጉሞ ካሜራው ከቆመ፣ በዚያ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው በእጅ የተጻፈው ብቻ መሆኑን ከችግሩ ቀን በፊት አወቅን ማለት ነው።

ያለ ኢንተርኔት የሚገኘውን ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ ማድረግ ይመረጣል። ከዐረብኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚደረገው ትርጉም በአብዛኛው መሃል ላይ በእንግሊዝኛ በኩል ያልፋል፤ በመንገድም የሚወድቅ ነገር አለ። ዐረብኛም አማርኛም «አንተ» እና «አንቺ» ብለው ይለያሉ፤ እንግሊዝኛ ግን አይለይም። «ጣሊባት» የሚለውም በትክክል ተነብቦ እንኳ «ተማሪዎች» ብቻ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው ለማን እንደሆነ ስንፈልግ ትርጉሙን ብቻ አንመን፤ ወደ ዐረብኛው ተመልሰን የቃሉን መጨረሻ እንይ።

ምርጫው እንግዲህ በጽሑፉ ርዝመትና ስሕተት በሚያስከፍለው ዋጋ ይወሰናል። ሦስት ገጽ ያለው ጽሑፍ ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ካሜራው ይበቃል። ቀን፣ ቁጥር፣ መስፈርትና «አይቻልም» የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ሁለት ሦስት መስመሮች ግን በእጃችን እንጻፍ። ጽሑፉ ረጅምም አስፈላጊም ሲሆን ሁለቱን እናጣምር፦ ካሜራው ያንብብ፣ እኛ ዐረብኛውን እናርም፣ የታረመውን ኮፒ አድርገን ማስታወሻ ላይ እናስቀምጥ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ፎቶውን ሳይሆን ጽሑፉን እንላክ።

በምሳሌያችን ላይ ይህን ብናደርግ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ኪቦርዱን ላልለመደ ጣት እንኳ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ የሚቀረው ረጀብ 15 በእኛ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ማስላት ነው። «ከ15 በፊት» ስለሚል በ15ኛው ቀን የሚደርስ ማመልከቻ ዘግይቷል። ያልገባ ቃል ካለም ጽሑፉን ዐረብኛ ለሚያውቅ ኡስታዝ ወይም ጓደኛ በአጭር የስልክ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ለዚህ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።