ፓይ በዕጣ ሲወጣ

አንድ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ከ0 እስከ 9 ቁጥር የተጻፈባቸው አሥር የዕጣ ቁራጮች ካሉ ፓይን መፈለግ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ ይሰመራል። የኮምፓሱ ሹል ጫፍ በካሬው የግራ ታችኛ ጥግ ላይ ተተክሎ፣ እርሳሱ 10 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ቅስት ይሰመራል። ካሬው ውስጥ አሁን ሩብ ክብ አለ፤ ከቅስቱ ውጭ ደግሞ በቀኝ በኩል ከላይ ጥቂት ቦታ ተርፏል።

ቀጥሎ ዕጣ ይወጣል። ቁራጮቹ ጣሳ ውስጥ ተደባልቀው የሚወጣው የመጀመሪያ ቁጥር ከጥጉ ወደ ቀኝ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚኬድ ይናገራል። ቁራጩ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ከተደባለቀ በኋላ የሚወጣው ሁለተኛ ቁጥር ወደ ላይ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚወጣ ይናገራል። እዚያ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቡ ሩብ ክቡ ውስጥ ይሁን ውጭ በዓይን መገመት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር ይበቃል። 3 እና 9 ከወጡ፣ 9 ሲደመር 81 ዘጠና ነው፤ ከ100 አይበልጥምና ነጥቡ ውስጥ ነው። 8 እና 7 ከወጡ፣ 64 ሲደመር 49 አንድ መቶ አሥራ ሦስት ነው፤ ነጥቡ ውጭ ነው። ይህ በትምህርት ቤት የምናውቀው የፓይታጎረስ ሕግ ነው፤ ነጥቡ ከጥጉ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ይርቅ እንደሆነ ይነግረናል።

ፓይ ከዚህ ቆጠራ የሚገኘው እንዲህ ነው። የካሬው ስፋት 100 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። የሩብ ክቡ ስፋት ደግሞ የፓይ አንድ አራተኛ በ100 ተባዝቶ፣ ማለትም 78.54 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ነጥቦቹ ለየትኛውም ቦታ ሳያደሉ በካሬው ላይ ከተበተኑ፣ ከመቶው ወደ 79 የሚጠጉት ሩብ ክቡ ውስጥ ማረፍ አለባቸው። ስለዚህ ውስጥ የገቡትን ለጠቅላላው ነጥብ አካፍሎ በ4 ማባዛት ፓይን ይሰጣል። የማናውቀውን ስፋት በመለካት ፈንታ በዕጣ እየቆጠርን ደረስንበት ማለት ነው፤ በዘፈቀደ ቁጥር የሚሠራ ሲሙሌሽን የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ይህንኑ ዕጣ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያወጣ ቢከርም 3.14 አያገኝም። የሚያገኘው 3.52 ነው።

ብዙ ዕጣ የማያድነው ስህተት

ምክንያቱን ለማየት ዕጣው ሊያወጣቸው የሚችላቸውን ነጥቦች በሙሉ መቁጠር ይቻላል፤ መቶ ብቻ ናቸውና። ወደ ቀኝ የወጣው ቁጥር ከ0 እስከ 4 ባለው ውስጥ ማንኛውም ቢሆን፣ ወደ ላይ የሚወጣው አሥሩም ቁጥር ያስገባል፤ ይህ ብቻ 50 ነጥብ ነው። በ5 እና በ6 ዘጠኝ ዘጠኝ፣ በ7 ስምንት፣ በ8 ሰባት፣ በ9 አምስት ይገባሉ። ድምሩ 88 ነው። 88 ከመቶ በ4 ሲባዛ 3.52 ይሆናል። የዕጣው ቁጥር ሲበዛ ውጤቱ ወደ ፓይ ሳይሆን ወደዚህ ቁጥር እየተጠጋ ይሄዳል።

ጥፋቱ በዕጣው አወጣጥ ላይ አይደለም። ጣሳው በደንብ ተበጥብጧል፤ እያንዳንዱ ቁጥርም እኩል ዕድል አለው። ጥፋቱ ነጥቦቹ ከሚያርፉበት ቦታ ነው። 3 ሲወጣ ከ3 እስከ 4 ያለውን አንድ ሳንቲሜትር በሙሉ መወከል ነበረበት፤ እኛ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ፣ ወደ ጥጉ በቀረበው ጫፍ አስቀመጥነው። ስለዚህ ነጥቦቹ ሁሉ በግማሽ ሳንቲሜትር ወደ ግራና ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ክቡ ውስጥ አዘነበሉ።

ይህን ዓይነቱን መዛነፍ የፓይን ዋጋ ሳያውቁም መያዝ ይቻላል። ወደ ቀኝ የወጡት ቁጥሮች አማካይ ይሰላ። ነጥቦቹ በካሬው ላይ እኩል ከተበተኑ አማካዩ የካሬው መሐል፣ 5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አማካይ ግን 4.5 ነው። የጎደለችው ግማሽ ሳንቲሜትር ያቺው ናት።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል። በወጣው ቁጥር ሁሉ ላይ ግማሽ ይጨመር፤ 3 የወጣው 3.5 ላይ ይቀመጥ። መቶዎቹን ነጥቦች እንደገና ብንቆጥር አሁን ውስጥ የሚገቡት 79 ናቸው፤ ውጤቱም 3.16 ይሆናል። ሌላው መንገድ ቁጥሮቹን ማብዛት ነው። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ዕጣ አውጥቶ ሚሊሜትሩንም መወሰን ይቻላል። ግማሽ ሳይጨመር እንኳ እንዲህ ዓይነቱ ዕጣ የሚያመራው ወደ 3.18 ነው፤ መዛነፉ ከ0.38 ወደ 0.04 ወረደ ማለት ነው።

ብዙ ዕጣ የሚያድነው ስህተት

ኮምፒውተር የሚያወጣቸው ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ ብዙ አሃዝ ስላላቸው ይህ መዛነፍ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። በፓይተን ቋንቋ ሥራው በሙሉ ይህን ያህል ነው፤ የካሬው ጎን 10 መሆኑ ቀርቶ 1 ሆኗል፦

```python
import random

n = 10000
c = 0
for i in range(n):
    x = random.random()
    y = random.random()
    if x*x + y*y <= 1:
        c = c + 1
print(4 * c / n)
```

ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር የተለየ መልስ ይሰጣል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን የዕጣ ጠባይ ነው። ጥያቄው መልሱ ምን ያህል ይዋዥቃል የሚለው ነው። ስሌቱ የሚለው፣ ዓይነተኛው ስህተት 1.64 ለነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው። በ100 ነጥብ ስኩዌር ሩቱ 10 ስለሆነ ስህተቱ 0.16 ያህል ነው። በ10,000 ነጥብ 0.016፣ በአንድ ሚሊዮን ነጥብ ደግሞ 0.0016 ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ፣ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ያህል፣ መልሱ ከዚህ እጥፍ በላይ አይርቅም። ስለዚህ ከላይ ያለው ፕሮግራም ከ3.11 እስከ 3.17 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ቢያሳይ ሊያስደነግጥ አይገባም።

እዚህ ላይ የዚህ ዘዴ ውድነት ይታያል። አንድ ትክክለኛ አሃዝ ለመጨመር ሥራው መቶ እጥፍ መሆን አለበት። አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ 96 ጎን ባላቸው ቅርጾች ክብን ከውስጥና ከውጭ አጥሮ፣ ፓይ ከ3.1408 እስከ 3.1429 ባለው መካከል መሆኑን አረጋግጧል። በዕጣ ወደዚህ ጥራት ለመድረስና በውጤቱ ለመተማመን ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ የአርኪሜዲስ ወሰን የተረጋገጠ ሲሆን የዕጣው ግን «አብዛኛውን ጊዜ» የሚል ነው።

ከልክ በላይ ያማረ መልስ

የሚጠበቀውን ስህተት አስቀድሞ ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ መጥፎውን መልስ ብቻ ሳይሆን አለልክ ጥሩ የሆነውንም ያጋልጣል። ከነጥብ በፊት ፓይ በመርፌ ይፈለግ ነበር። ፈረንሳዊው ቡፎን እ.ኤ.አ. በ1777 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እኩል በተራራቁ መስመሮች ላይ የተጣለ መርፌ መስመር የመንካት ዕድሉ ከፓይ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1901 ላዛሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሒሳብ ሰው መርፌ 3,408 ጊዜ ጥሎ 1,808ቱ መስመር እንደነኩና ፓይን 3.1415929 ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ። ስድስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ትክክል ነው።

በዚያ ብዛት መርፌ የሚጠበቀው ስህተት ግን 0.05 ያህል ነው። ከነኩት መርፌዎች አንዷ ብቻ ሳትነካ ብትቀር ኖሮ መልሱ 3.1433 ይሆን ነበር። በዚያ ላይ የመርፌው ርዝመት በመስመሮቹ መካከል ካለው ርቀት አምስት ስድስተኛ ነበር፤ በዚህ ልክ 355 ለ113 የሚባለው የታወቀ የፓይ ክፍልፋይ ልክ በ3,408 ውርወራ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ብዙ የሒሳብ ሰዎች ውርወራው የቆመው መልሱ ሲያምር ነው፣ ወይም ጭራሹን አልተደረገም ብለው ይጠረጥራሉ። ለማንኛውም ሲሙሌሽን ሕጉ ከዚህ ይወጣል፦ የዕጣው ብዛት ከመጀመሩ በፊት ይወሰናል፤ እያዩ ማቆም አይፈቀድም።

ታዲያ ለምን?

ፓይን ለማግኘት ከሆነ ይህ ዘዴ አያዋጣም። የተፈለሰፈውም ለእሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም ከሕመም አገግሞ ለብቻው ካርታ ሲጫወት፣ ጨዋታው የመሳካት ዕድሉ ስንት ነው ብሎ ማስላት ጀመረ። ስሌቱ ሲወሳሰብበት፣ መቶ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር እንደሚቀል ታየው። ሐሳቡን ለጆን ፎን ኖይማን አካፈለው፤ ሁለቱ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ኒውትሮኖች በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ ለማወቅ ሥራ ላይ አዋሉት። ባልደረባቸው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ በታወቀው የቁማር ከተማ ስም ሞንቴ ካርሎ አለው።

ኒውትሮን የት ይጋጫል፣ በየት አቅጣጫ ይነጥራል፣ በምን ፍጥነት ይቀጥላል የሚሉት ሁሉ የየራሳቸው ዕጣ አላቸው። በሁለት ዕጣ ነጥብ የምናስቀምጥበት ካሬ፣ ለአንድ ኒውትሮን ጉዞ በደርዘን የሚቆጠሩ ጎኖች ይኖሩታል። በየአቅጣጫው አሥር አሥር ቦታ ብቻ እንመርምር ቢባል፣ ለሁለት አቅጣጫ መቶ ነጥብ ይበቃል፤ ለሃያ አቅጣጫ ግን ከ1 ቀጥሎ ሃያ ዜሮ ያለው ቁጥር ይመጣል። ዕጣው ግን የአቅጣጫው ብዛት ምንም ይሁን በመቶ እጥፍ ሥራ አንድ አሃዝ መጨመሩን አይተውም። በካሬው ላይ ውድ የነበረው ዘዴ እዚያ ከሁሉም ርካሹ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እዚያ ግን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በጣሳው ዕጣ 3.52 ላይ የረጋ ሰው መሳሳቱን ያወቀው ፓይን ስለሚያውቅ ነው፤ የኒውትሮኑ ስሌት በተሳሳተ ቁጥር ላይ ቢረጋ ግን ረግቶ መታየቱ ራሱ ያታልላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ፕሮግራሙን ወዳልታወቀው ጥያቄ ከመላኩ በፊት መልሱ የታወቀ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ የሚጠበቀውን ስህተት ያሰላል፤ የመጣው ልዩነት ከዚያ በብዙ ከበለጠ፣ ወይም እንደ ላዛሪኒ ከልክ በላይ ካነሰ፣ ነጥብ ከመጨመሩ በፊት ዕጣውን ራሱን ይመረምራል።