ስልኩ የማያየው ጭስ

ጠዋት ስልክዎን ከፍተው የአዲስ አበባን አየር ቢያዩ AQI ከሚለው ጎን 71 ተጽፎ አገኙ እንበል። ቀለሙ ቢጫ ነው፤ «መካከለኛ» ማለት ነው። ያንን ቁጥር የሚልከው መሣሪያ ግን የተተከለው ደጅ ነው። ጓሮ ካለው ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ ጥዳ የምትጋግረው እናት ምን እንደምትተነፍስ አያውቅም።

መሣሪያው በዋናነት የሚለካው PM2.5 የሚባለውን ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ የአንድ ዘለላ ጸጉር ውፍረት 30 እጅ ቢከፈል ከአንዱ እጅ የማይበልጥ ነው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫ ሲያስቀረው፣ ይሄኛው እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል፤ ከፊሉም ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጣጣው በሳል አያበቃም፤ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያመጣል፣ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

በአሜሪካው ስሌት 71 ማለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 20 ማይክሮግራም ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 እንዳያልፍ ይመክራል። አሁን እናታችን በእንጨት 2 ሰዓት ጋገረች፣ ማድ ቤቱም ውስጥ ብናኙ 1,000 ደረሰ እንበል። ቀሪውን 22 ሰዓት ያንኑ የደጅ አየር ብትተነፍስ የቀኑ አማካይ 102 ገደማ ይሆናል። በስልኩ ቋንቋ 183፣ ቀይ ነው። ቀሪውን ሰዓት ፍጹም ንጹሕ አየር ብታገኝ እንኳ አማካዩ ከ83 አይወርድም፤ ያም ቀይ ነው።

ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውኃ በማትነን ይጨርሰዋል፤ በጉልቻ ላይ ደግሞ ነፋስ ነበልባሉን ይበትነዋል። ምርጥ ምድጃ እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ ስለሚከልል ማገዶ ይቆጥባል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ማገዶ ቀነሰ ማለት አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም። ጭስ መውጫው ከጣሪያ በላይ ካልወጣ ጭሱ ተመልሶ ይገባል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ግድግዳውን አንድ ቦታ ጠርገው ከጥቂት ጋገራ በኋላ ይዩት፤ ጥቀርሻ ከያዘ መውጫው አልሠራም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማድ ቤቱ የእንጨቱን ጭስ ያስቀራል፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ከሰል ጭሱ ባይታይም የሚገድል ጋዝ ስላለው ቤት ዘግተው አያንድዱት።

መንገድ ዳር ለሚኖር ደግሞ ዋናው ጭስ የናፍጣ መኪና ነው። ሚኒባስ በሚበዛበት ሰዓት የመንገዱን ወገን መስኮት ይዝጉ፣ የጓሮውን ይክፈቱ። ነጠላ አፍንጫ ላይ መከናነብ ይህን ብናኝ አያስቀርም።

ጭሱ የሚበረታው እሳቱ ሲያያዝ ነው። ያን ጊዜ ሕፃን አዝለው አይግቡ፤ ለሌላ ሰው ያሳዝሉት።