ትራንስክሪፕቱ ከመናገሩ በፊት

ለኢንተርንሺፕ የሚያመለክት ተማሪ የተቋረጠ ሴሚስተሩን ወይም ዝቅተኛ ውጤቱን ሲቪው ላይ ሊሸፍነው ይሞክራል። ድርጅቱ ግን ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ ሴሚስተሮቹ በየተራ ተዘርዝረው ይታያሉ፤ የጎደለውም ወዲያው ይለያል። ስለዚህ ራሱ ቀድሞ ቢናገር ይሻለዋል።

አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪን እናስብ። አባቷ ታመው በ2015 ሁለተኛ ሴሚስተር ዊዝድሮዋል ሞልታ ወጣች። ስትመለስ በስትራክቸር ትምህርት ዲ አገኘች። በማመልከቻዋ እንዲህ ብትል ይበቃታል፦

«በ2015 ሁለተኛ ሴሚስተር በቤተሰብ ሕመም ምክንያት በይፋ አቋርጬ በቀጣዩ ዓመት ተመልሻለሁ። በተመለስኩበት ሴሚስተር በስትራክቸር ዲ አገኘሁ፤ መሠረታዊውን ክፍል ሳልከልስ ነበር የቀጠልኩት። ትምህርቱን ደግሜ ወስጄ ቢ አግኝቻለሁ።»

የሕመሙን ዓይነት መዘርዘር አያስፈልጋትም፤ የቤተሰቧ ጉዳይ ነው። ሊቀር የማይገባው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው፤ አንባቢው የሚፈልገው ችግሩ ዛሬም አለ ወይስ አልፏል የሚለውን ነውና። ትምህርቱን ገና ካልደገመችው «በሚቀጥለው ሴሚስተር እደግመዋለሁ» ትበል እንጂ ያልሆነውን እንደሆነ አትጻፍ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። በደብዳቤው መክፈቻ ላይ ከተቀመጠ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል። ስለ ችሎታዋና ስለ ሠራችው ፕሮጀክት ከጻፈች በኋላ፣ ከመዝጊያው በፊት ይግባ።

ምክንያቱ ስንፍና ከነበረስ? ያኔም መምህሩን መውቀስ አያዋጣም። «በቂ ጊዜ አልሰጠሁትም ነበር» ማለት ይሻላል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ስትጠየቁም መልሳችሁ ከጻፋችሁት ጋር አይጋጭም።